ከፎቶ ወደ ማርክ ሊስት ስንገለብጥ የሚያመልጡን ቁጥሮች

ሰላም ለሁላችሁ። የ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ያሳፈረኝ ነገር ገጥሞኝ ነው የምጽፈው።

የማጠቃለያ ፈተናችን ከ50 ነበር። እውነት/ሐሰት 10፣ ምርጫ 20፣ ማዛመድ 8፣ አጭር መልስ 12። አርመን እንደጨረስን ወረቀቱን ዓርብ ለፈተና ኮሚቴው ማስረከብ ነበረብን። ላፕቶፔ ያለው ቤት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ወረቀት የመጀመሪያ ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ገጹ ላይ ስም፣ ተራ ቁጥር፣ የአራቱ ክፍል ውጤትና ድምሩ በቀይ እስክሪብቶ አለ። አንዱ ሴክሽን 58 ተማሪ ነው። ሁለቱ አልተፈተኑም። 56 ፎቶ ሆነ። ቅዳሜ ማታ ሻይ ይዤ ተቀመጥኩና ድምር ድምሩን ብቻ ኤክሴል ላይ ሞላሁ።

ሰኞ ወረቀት ሲታይ አንዲት ልጅ መጣች። ወረቀቷ ላይ 41 ይላል። እኔ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት 14 ይላል። ልጅቷ አላኮረፈችም፤ እንዲያውም ሳቀች። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይቺ መጥታ ነገረችኝ። ያልመጣው ስንት ነው?

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ፎቶዎቹ በእጄ አሉ። ሁሉንም ከሀ እስከ ፐ እንደገና ሳላይ፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ የሚያሳየኝ ዘዴ አለ?

(ከዚህ በታች ያለው በኋላ የተጨመረ ነው። የውይይቱ ክር ስለረዘመና መሀል ላይ ጭቅጭቅ ስለገባበት፣ አዲስ ለሚመጣ ሰው እንዲቀል መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። ያጣመምኩባችሁ ካላችሁ እረሙኝ።)

መልስ 1። የመጀመሪያው መልስ ሰጪ ባንክ ቤት ለብዙ ዓመት ሒሳብ የሠሩ ሰው ናቸው። ትሕትናቸው ደስ ይላል። ዘዴያቸው የዘጠኝ ዘዴ ነው። 41 እና 14 ሲቀናነሱ 27 ይሆናሉ፤ 27 ደግሞ ለዘጠኝ እኩል ይካፈላል። ማታ ሒሳብ አልዘጋ ሲላቸው መጀመሪያ የሚያዩት ይህንን እንደነበር አጫወቱን። ልዩነቱ ለዘጠኝ ከተካፈለ ቁጥር ተገለባብጧል፣ ካልተካፈለ አልተገለባበጠም፤ አለቀ ደቀቀ ብለው ደመደሙ።

መልስ 2። አንድ የሒሳብ መምህር ቶሎ መጣ። ለጋሼ አክብሮቱን አስቀድሞ፣ ነገሩ ግማሹ ልክ እንደሆነ አስረዳ። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አኃዞች ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ የዘጠኝ ብዜት ነው። በግልባጩ ግን አይሠራም። 40 ለመጻፍ ዜሮዋ ሳትነካ ቀርታ 4 ብቻ ብትገባ ልዩነቱ 36 ነው፤ እሱም ለዘጠኝ ይካፈላል፤ ግን የተገለበጠ ነገር የለም። በአጋጣሚ ዘጠኝ የሚሆንም አለ። ከዚያ ዋናውን ነገር ተናገረ። ልዩነት እንዲኖር ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል። ባንክ ቤት ዴቢትና ክሬዲት አለ። እኔ ኤክሴል ላይ ያለኝ አንድ ድምር ብቻ ነው። ከምን ልቀንሰው? እውነት ለመናገር ይህን ሳነብ ትንሽ ደነገጥኩ። ጥያቄዬ ራሱ ጎዶሎ ነበር።

መልስ 3። ይህ ሰው ጥያቄውን በሌላ መንገድ ተረድቶታል። ችግሩ ፎቶው አለመነበቡ መስሎት ስለ መብራት፣ ስለ ጥላና ስለ ስካን አፕ ረዥም ጻፈ። አላቋረጥኩትም። ከውስጡ አንድ የምትጠቅም ነገር አገኘሁ። ፎቶን ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ከላኩት ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ከላኩት ባለበት ይደርሳል። እኔ ወደ ላፕቶፑ ያሻገርኩት እንደ ፎቶ ነበር። ይህ በኋላ ዋጋ እንዳስከፈለኝ ታያላችሁ።

መልስ 4። የክሩ ባለውለታ እዚህ ነው የገባው። ለጥናት የሚሰበሰብ መጠይቅ ኮምፒውተር ላይ ሲያስገባ የኖረ ዳታ ኢንኮደር ነው። ጠብ የሚል ነገር ተናገረ። ድምሩን ብቻ መጻፍ ትልቁ ስህተት ነው አለ። አራቱን ክፍል ለየብቻ ጻፊ፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ድምርም ጻፊ፤ ከዚያ ኤክሴል ራሱ ይደምርና ይቀንስ። ዜሮ ካልመጣ ያንን ፎቶ ብቻ ክፈቺ። መልስ 2 የጠየቀው ሁለተኛ ቁጥር ይኸው ከወረቀቱ ላይ ተገኘ ማለት ነው። A ተራ ቁጥር፣ B ስም፣ ከC እስከ F አራቱ ክፍሎች፣ G የወረቀቱ ድምር ነው። H ላይ ይህ ይገባል፦

```
=SUM(C2:F2)-G2
```

ሲደመድም አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። G ላይ የሚጻፈው ከወረቀቱ የተነበበ መሆን አለበት። ሰነፍ ሰው አራቱን በልቡ ደምሮ ይጽፈዋል፤ ያኔ ፍተሻው ራሱን በራሱ ይፈትሻል።

መልስ 5። እዚህ ጋ ድምፁ ሻከረ። ሦስት ሴክሽን የያዘች መምህርት ናት። ወደ 170 ተማሪ በአምስት ቁጥር ሲባዛ 850 ገደማ ቁጥር ነው፤ ይህን የሚመክር ሰው ቾክ ይዞ የማያውቅ ነው ብላ ወረፈችው። የእሷ ዘዴ ቀላል ነው። ባሏ ከኤክሴሉ እየጠራ እሷ ወረቀቱን ታያለች። በግማሽ ሰዓት ሴክሽኑ ያልቃል። እስካሁን አንድም ቅሬታ መጥቶባት አያውቅም።

መልስ 6። ኢንኮደሩ ዝም አላለም። አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው አላት። ከስክሪን የተጠራ ቁጥር ጆሮ ውስጥ ይገባና ዓይን ወረቀቱ ላይ ያንኑ ያያል፤ በተለይ ከሠላሳኛው ወረቀት በኋላ። መጠራት ያለበት ወረቀቱ ነው። የሚጠራው ሰው ስክሪኑን ጭራሽ ማየት የለበትም። እነሱ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከዚህም አልፈው፣ ሁለት ሰው ለየብቻ ያስገባና ፕሮግራሙ ያወዳድራል። ቅሬታ አልመጣም ማለት ስህተት የለም ማለት አይደለም የምትለዋን መጨረሻ ላይ ባይጨምራት ጥሩ ነበር። ትክክል ናት፤ ግን አንገት ታስደፋለች። መምህርቷ በቁጣ ፊት አንድ መስመር ጽፋ ለጊዜው ጠፋች።

መልስ 7። ፍራንክፈርት ያለ ወንድማችን ገባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ በነፃ ያስተምራል። እሱ ያመጣው የራሱን ጉድ ነው። ኮምፒውተሩ በጀርመንኛ የተስተካከለ ነው። በጀርመን ኤክሴል የአስርዮሽ ምልክቱ ኮማ ነው፤ ነጥብ የቀን ምልክት ነው። አንዲት ልጅ 17.5 አገኘች። እሱ እንደለመደው በነጥብ ጻፈው። ኤክሴል ሜይ 17 አድርጎ ተቀበለው። ሴሉ ላይ 17. Mai ይላል፤ ውስጡ ግን ኤክሴል ቀንን የሚቆጥርበት ከ45 ሺህ በላይ የሆነ ቁጥር ነው። የልጅቷ ድምር አርባ አምስት ሺህ ምናምን ወጣ። እናቷ ጎበዝ እኮ ናት ብለው ሳቁ አለን። ከርዕሱ ትንሽ ይወጣል፤ ግን ሁላችንም ፈታ አልን።

መልስ 8። የፍራንክፈርቱ ቀልድ አንዱን ሌላ ነገር አስታወሰው። SUM ዝምተኛ ነው አለ። ሴል ውስጥ ቁጥር የሚመስል ግን ቁጥር ያልሆነ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ በዜሮ ፋንታ O ፊደል ከገባ፣ SUM ሳይናገር ይዘለዋል። በመደመር ምልክት C2+D2+E2+F2 ብትጽፉት ግን ወዲያው #VALUE! ብሎ ይጮኻል። ስለዚህ SUMን ተዉት አለ። መልስ 4 ግን ተመልሶ አልተስማማም። ባዶ ሴልን መደመሩም ቢሆን ዜሮ አድርጎ ያልፈዋል። ከሁለቱም የሚሻለው ስንት ቁጥር እንዳለ መቁጠር ነው፦

```
=COUNT(C2:G2)
```

የተፈተነ ልጅ 5 ይወጣለታል፤ ያልተፈተነ 0። በመካከል ያለ ሁሉ አንድ ነገር ጎድሎታል። በዚህ ሁለቱ እንደተነካከሱ ቀሩ። እኔ COUNTን ነው የያዝኩት።

መልስ 9። ይህ የራሴ ነው። ማክሰኞ ማታ ተቀመጥኩና 56ቱንም ባለ አራት አድርጌ አስገባሁ። 224 ቁጥር ነው። መብራት አንዴ ሄዶ መጣ እንጂ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው የፈጀብኝ። የ41ዷን ልጅ አስቀድሜ አስተካክያት ነበር። H ላይ ዜሮ ያልሆኑ ስድስት ረድፎች ወጡ። ስድስቱንም ፎቶ ከፈትኩ።

12 ቁጥር ክፍሎቹ 7፣ 9፣ 3፣ 5 ናቸው፤ 24 ይሆናል። እኔ ቅዳሜ የጻፍኩት 42 ነው። ልዩነቱ 18። ይኼ የጋሼ ነው፤ ተገልብጧል።

19 ቁጥር 9፣ 16፣ 6፣ 8 አለው። 39 ነው። ፎቶው ላይ ግን 29 ይላል። እኔ በትክክል ነው የገለበጥኩት። አራሚው ሲደምር በእጅ የያዛትን ሁለት አንድ አድርጓታል። ልዩነቱ ድፍን 10 ሲሆን መጀመሪያ የምትጠረጠረው ይህች ናት። ልጁ 10 ማርክ ተበልቶ ነበር ማለት ነው።

33 ቁጥር 6፣ 12፣ 8፣ 7 አለው። 33 መሆን ሲገባው ወረቀቱ 25 ይላል። የጎደለው 8 ነው፤ 8 ደግሞ የማዛመዱ ውጤት ነው። ማዛመድ በጀርባ ገጽ ስለነበር መጨረሻ ላይ ታርሞ ሠንጠረዡ ላይ ተሞልቷል፤ ድምሩ ግን ቀድሞ ተጽፎ ነበር። ከዚህ የተማርኩት፣ ልዩነቱ ከአንዱ ክፍል ውጤት ጋር እኩል ከሆነ ያ ክፍል ሳይደመር ቀርቷል ብሎ መጠርጠር ነው።

38 ቁጥር ላይ ምርጫው 11 ብዬ የጻፍኩት 17 ነበር። የአራሚዋ 7 አንገቷ አጭር ናት፤ ቴሌግራም የጨመቀው ፎቶ ላይ ቁርጥ 1 ትመስላለች። ልዩነቱ 6። ስልኬ ላይ ያለውን ዋናውን ፎቶ ሳሰፋው ነው የታየችኝ። መልስ 3 ይቅርታ፣ ያኔ ችላ ብዬህ ነበር።

40 ቁጥር COUNT ላይ 4 ብቻ ወጣለት። ማዛመዱ 7.5 ነው። መብራት የሄደ ጊዜ በስልኬ ነበር የቀጠልኩት፤ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነበር። በነጥብ ፋንታ አራት ነጥብ ገብቷል፤ 7።5 ይላል። SUM ሳይተነፍስ ዘሎታል።

47 ቁጥር ደግሞ 8፣ 12፣ 4፣ 7 አለው። 31 ነው። ወረቀቱ 36 ይላል። ፎቶውን አሥር ጊዜ አየሁት። አራሚው ነው የተሳሳተው። ልጁ 5 ማርክ በትርፍ ይዟል።

ከስድስቱ ለዘጠኝ የሚካፈለው አንዱ ብቻ ነው። ጋሼ እንዳይቀየሙኝ።

መልስ 10። ጋሼ አልተቀየሙም። ባንክ ቤት ሌሊት እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚያነበንብ ጀማሪ አይተው እንደማያውቁ በቀልድ ጻፉ። ከዚያ ግን በ47 ቁጥር ላይ ሐሳባቸውን ሰጡ። ወረቀቱ ሰነድ ነው፤ የፈረመበትም አራሚው ነው። እኔ ኤክሴል ላይ ለመንካት ምንም መብት የለኝም፤ ወረቀቱ ራሱ ተስተካክሎ በአራሚው ካልተፈረመበት በቀር።

መልስ 11። የጠፋችው መምህርት ተመልሳ መጣች፤ አሁንም እሳት ናት። ለተማሪ የሚጨመረው ይጨመር፤ የሚቀነሰው ግን በምን ዕዳው ነው? 36 ተብሎ ወረቀቱን አይቷል፤ ለቤተሰቡ ነግሯል። የእኛን የመደመር ችግር ልጁ ለምን ይሸከማል? ድምር የተሳሳተው መምህሩ ነው፤ ቅጣቱ ግን ለተማሪ ሆነ ብላ ተቆጣች። ብዙ ሰው ደገፋት።

መልስ 12። የሒሳብ መምህሩ ተቃወማት፤ ግን ለስለስ ብሎ ነው። ደረጃ የሚወጣው ከሌሎች ጋር ተወዳድሮ ነው። ያ 5 ማርክ ከኋላው ያለውን ልጅ ይገፋዋል። የምትራሪለት አንዱን ነው፤ የምትበድይው ስሙን የማታውቂውን ነው አላት። እሷም መለሰች፤ እሱም መለሰ። እነዚያን አራት መልሶች እዚህ አላመጣቸውም፤ አዲስ ነገር የለባቸውም።

መልስ 17። መሀል ላይ አንድ አባት ገቡና ልጃቸው ባለፈው ዓመት ፊዚክስ ላይ ሳይበደል እንዳልቀረ አነሱ። የት እንደሚያመለክቱ ጠየቁ። ወረቀቱ ካለ መጀመሪያ ከመምህሩ ጋር ክፍል በክፍል ደምራችሁ እዩ ተባሉ። ወረቀቱ እንጀራ መጋገሪያ ላይ እሳት መለኮሻ ሆኗል አሉ።

መልስ 18። ነገሩ ያለቀ መስሎን ሳለ አንድ አሮጌ ሆም ሩም ብቅ አለ። ብዙ ዓመት ሮስተር ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። እጥር ምጥን ያለች ጥያቄ ነው የጠየቀኝ። ዜሮ የወጣላቸው 50 ረድፎች ቁጥራቸው ልክ ነው፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ በምን አወቅሽ? የአንዱን ወረቀት አምስቱንም ቁጥር ሳላዛባ ከሌላው ልጅ ስም ፊት ብጽፈው H ዜሮ ነው። COUNT 5 ነው። ምንም አይጮኽም።

መፍትሔው አንድ አምድ መጨመር ነው። A እና Bን ደብቂ፤ ካልደበቅሽ ዓይንሽ ከA ይገለብጣል። ከዚያ ፎቶዎቹን በገቡበት ቅደም ተከተል እየከፈትሽ፣ የምታይውን ምርጫና ድምር ከረድፉ ጋር እያመሳከርሽ፣ ተማሪው ራሱ የጻፈውን ተራ ቁጥር I ላይ ጻፊ። ሲያልቅ Aን አውጪና ይህን ጠይቂ፦

```
=IF(OR(COUNT(C2:G2)=0,I2=A2),"","ተመልከት")
```

መልስ 19። ስለ ስም አንዱ አማረረ። ተራ ቁጥር የማይጽፍ ተማሪ ሞልቷል፤ ስም ብቻ ነው ያለው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኤክሴል ሦስት ነው። የእሱ ክፍል ደግሞ በስምና በአባት ስም አንድ የሆኑ ሁለት ልጆች አሉ። የሚለዩት በአያት ስም ነው፤ ፈተና ላይ አያቱን የሚጽፍ የለም። ሆም ሩሙ መልስ ሰጠው። ፈተናው ሲጀመር ዞሮ ተራ ቁጥር ማስጻፍ ነው፤ ያመለጠውን ፎቶ ከመነሳቱ በፊት በእርሳስ መሙላት። ሁለቱን ሞክሼዎች ግን በእጅ ጽሑፋቸው ከመለየት ሌላ መንገድ አላመጣም።

መልስ 20። አንዷ ደግሞ ፎቶዎቹ ሥራው ካለቀ በኋላ የት እንደሚሄዱ ጠየቀች። የመምህራን ግሩፕ ላይ የተማሪ ወረቀት ተለጥፎ ያየችበትን ጊዜ አነሳች። እኔ ለራሴ ነው የላክሁት፤ ሮስተሩ እስኪፈረም አስቀምጬ አጠፋዋለሁ አልኳት። ደስ ያላት አልመሰለኝም።

መልስ 21። የእኔ የመጨረሻ ነው። የሆም ሩሙን ዘዴ ሐሙስ ሞከርኩ። 25 ደቂቃ ብቻ ነው የወሰደው። ከዚያ A ሲገለጥ ተመልከት የሚለው ቃል ከ44 እስከ 51 በተከታታይ ስምንት ረድፍ ላይ ወጣ።

የሆነው ይህ ነው። 44 ቁጥር አልተፈተነችም፤ እኔ ግን ይህን ልብ አላልኩም። የ45ን ወረቀት 44 ላይ ጻፍኩ። የ46ን 45 ላይ። እንዲህ እያልኩ የ52ን ወረቀት 51 ላይ ጻፍኩ። የሚቀጥለው ፎቶ የ53 ነበር። እሱ ስሙን ስለማውቀው በራሱ ረድፍ ላይ አስቀመጥኩትና 52ን ባዶ አይቼ ቀሪ ነው አልኩ። ሁለት ቀሪ እንዳለ አውቃለሁ፤ 27 እና 52 ሁለት ናቸው። 56 ረድፍ ሞልቷል። የአምዱ ጠቅላላ ድምር ያው ነው። አማካዩ ያው ነው። ማክሰኞም ክፍሎቹን የሞላሁት የቅዳሜውን ቅደም ተከተል ተከትዬ ስለነበር ስህተቱ አብሮኝ መጣ። ዘጠኝ ልጆች ናቸው የተነኩት፤ አንዷ ሳትፈተን ማርክ አግኝታለች፤ አንዱ ተፈትኖ ቀሪ ተብሏል።

ማክሰኞ 47 ቁጥር ያልኳችሁ ልጅም 47 አይደለም፤ 48 ነው። መልስ 11 እና መልስ 12 የተጣሉት በሌላ ልጅ ስም ነበር።

ወረቀቱን ከኮሚቴው አስወጥተን አራሚው የ48ን ድምር ቀይሮ ፈርሞበታል። 5 ማርኩ ይቀነስ አይቀነስ ግን የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ሰኞ ስብሰባ ላይ ይታያል ብለዋል። 52 ቁጥር ውጤቱ 44 ማርክ ነበር። እስከ ዛሬ አልመጣም፤ ነገ ክፍሉ ሄጄ እጠራዋለሁ።